ሌሊት መብራት ሲጠፋ የክትባት ማቀዝቀዣውን የሚጠብቅ የሙቀት ሴንሰር

የተበላሸ ክትባት ከደህናው በዓይን አይለይም። ለበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ የሚሰጠው የደረቀ ክትባት ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ውስጥ ቢያድርም ጠዋት ላይ ጠርሙሱ ያው ነው፤ ሲበጠበጥም ሲወጋም ልዩነት አይታይበትም። ጉዳቱ የሚታወቀው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ በሽታው ቀበሌው ሲደርስና "ተከትበዋል" ተብለው የተመዘገቡ ፍየሎች መሞት ሲጀምሩ ነው። ያን ጊዜ አርሶ አደሩ የሚጠራጠረው ማቀዝቀዣውን ሳይሆን ክትባቱንና ባለሙያውን ነው። ለቀጣዩ ዘመቻ እንስሳቱን ይዞ ላይወጣም ይችላል።

በምዕራብ ሐረርጌ ዞን ይህ ስጋት ከመንገዱ ርዝመትና ከመልክዓ ምድሩ ጋር የተያያዘ ነው። ቢሾፍቱ ላይ የሚመረተው የእንስሳት ክትባት የአዋሽን ቆላ አቋርጦ፣ በሚኤሶ በኩል ዳገቱን ወጥቶ ጭሮ ይደርሳል። ከዚያም ወደ ገለምሶ፣ በዴሳ፣ መቻራ፣ ሂርናና ሌሎች ከተሞች ይከፋፈላል። በጉዞው ላይ በረዶና የቅዝቃዜ ሳጥን፣ ባለሙያም አብሮት አለ። ወረዳ ደርሶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ቅዳሜና እሁድን፣ በዓላትንና ሌሊቱን ብቻውን ያሳልፋል። መብራት የሚጠፋውም ብዙ ጊዜ ማንም በሌለበት በእነዚህ ሰዓታት ነው።

በጽህፈት ቤቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለዘመቻ የሚቀመጥ ክትባት በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ወሰን ውስጥ መቆየት አለበት። ይህ ወሰን ሁለት በኩል ጠርዝ አለው። እንደ ደስታ መሰል ያሉት የደረቁ ሕያው ክትባቶች የሚጎዱት በሙቀት ነው። እንደ አፍተግር ያሉት ፈሳሽና የሞተ ተህዋሲ የያዙ ክትባቶች ደግሞ አንድ ጊዜ በረዶ ከሆኑ በኋላ ቢቀልጡም ወደ ቀድሞ ጥንካሬያቸው አይመለሱም። ስለዚህ ከልክ በላይ የሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣም ከሚሞቀው እኩል ጥፋት ያደርሳል።

ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትር አይቶ ወረቀት ላይ መመዝገብ በጤና ተቋማትም ሆነ በእንስሳት ጤና ዘርፍ የቆየ አሠራር ነው። መቅረትም የለበትም። ይሁን እንጂ መዝገቡ ከምሽቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ያለውን አያሳይም። መብራት ማታ ጠፍቶ ከንጋት በፊት ከመጣ ማቀዝቀዣው ባለሙያው እስኪገባ ድረስ ቀዝቅዞ ይጠብቀዋል፤ በመዝገቡም ላይ "5 ዲግሪ" ተብሎ ይሰፍራል። ይህን ክፍተት በጥቂት ዕቃ መሙላት ይቻላል።

ዕቃዎቹና አገጣጠማቸው

አርዱይኖ ማለት ጀማሪዎችም በቀላሉ ሊያዙት የሚችሉት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድና ትዕዛዝ የሚጻፍበት ነፃ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። የተለመደው አርዱይኖ ኡኖ ቦርድ በራሱ ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው በዚያው ፕሮግራም የሚታዘዘውና ዋይፋይ ያለው ESP8266 ቦርድ ነው፤ ገበያ ላይ NodeMCU በሚል ስም ይታወቃል። ሌላው ዕቃ DS18B20 የተባለው የሙቀት ሴንሰር ነው። ጫፉ በማይዝግ ብረት ተሸፍኖ፣ ውኃ እንዳይገባው ተደርጎ፣ ሦስት ሽቦ ካለው ገመድ ጋር ይሸጣል። ከ10 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ 85 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ስህተቱ ከግማሽ ዲግሪ እንዳይበልጥ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ ለክትባት ማቀዝቀዣ በቂ ነው።

ቀዩ ሽቦ ቦርዱ ላይ `3V3` የሚል ጽሑፍ ካለበት እግር፣ ጥቁሩ `GND` ከሚለው፣ ቢጫው ደግሞ `D2` ከሚለው ጋር ይገናኛሉ። በቀዩና በቢጫው ሽቦ መካከል 4.7 ኪሎ ኦም የሆነ ሬዚስተር ይገባል። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ሬዚስተር ነው። ቢጫው ሽቦ መልእክት የሚያልፍበት ሲሆን መልእክት በሌለበት ጊዜ ወደ ላይ ስቦ የሚይዘው ሬዚስተሩ ነው፤ ከሌለ ቦርዱ ሴንሰሩን አያገኘውም። የሽቦው ቀለም ከአምራች አምራች ሊለያይ ስለሚችል ከሴንሰሩ ጋር የመጣውን ወረቀት ማየት ይገባል። ቀዩና ጥቁሩ ተገላብጠው ከገጠሙ ሴንሰሩ በሰከንዶች ውስጥ ይግላል፤ በጣት ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ ወዲያው መንቀል ነው።

ለሙከራ ሽቦዎቹን ያለ ብየዳ በብሬድቦርድ ላይ መሰካት ይቻላል። ለዘለቄታው ግን መበየድ ያስፈልጋል፤ በወረዳ ከተሞች ያሉ የሞባይል ጥገና ቤቶች ይህን በደቂቃዎች ይሠሩታል። ቦርዱ የሚቀመጠው ከማቀዝቀዣው ውጭ ነው። ውስጥ ከገባ እርጥበት ይጎዳዋል፤ የማቀዝቀዣው ብረትም ዋይፋዩን ያፍነዋል። ወደ ውስጥ የሚገባው የሴንሰሩ ገመድ ብቻ ሲሆን የሚያልፈውም በበሩ ጎማ ሥር ነው። ገመዱ ጎማውን ከፍቶት እንደሆነ ለማወቅ አንድ ወረቀት በሩ ላይ አስገብቶ መዝጋትና መሳብ ይበቃል። ወረቀቱ ያለ ምንም ትግል ከወጣ በዚያ በኩል ቅዝቃዜ ይወጣል ማለት ነው።

ሴንሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ ከሽቦው እኩል ትኩረት ይፈልጋል። በባዶ አየር ላይ ከተንጠለጠለ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቁጥሩ ወደ ላይ ይዘላል፤ ክትባቱ ግን በዚያ ፍጥነት አይሞቅም። መፍትሔው ጫፉን ውኃ በተሞላ ትንሽና ንጹህ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ መክተትና ጠርሙሱን ክትባቱ መሐል ማስቀመጥ ነው። ያን ጊዜ የሚለካው የአየሩን ሳይሆን የክትባቱን ያህል ቀስ ብሎ የሚሞቀውንና የሚቀዘቅዘውን ፈሳሽ ነው። ጠርሙሱ የማቀዝቀዣውን የኋላ ግድግዳ መንካት የለበትም፤ በረዶ የሚይዘው እዚያ ነውና።

ቁጥሩ ወደ ስልክ የሚደርሰው እንዴት ነው?

ቦርዱ በዋይፋይ በኩል ቁጥሩን የሚልከው መረጃ ተቀብሎ በመስመር ሥዕል ወደሚያሳይ የኢንተርኔት ሰሌዳ ነው። ከእነዚህ አንዱ ThingSpeak የተባለው ነው። ነፃ መለያ የሚከፍት ሰው "ቻናል" ይፈጥራል፤ የቻናል ቁጥርና የመጻፊያ ቁልፍም ይሰጠዋል። እነዚህ ሁለቱ ከዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል ጋር በሚከተለው ትዕዛዝ ውስጥ ይተካሉ።

```cpp
#include <ESP8266WiFi.h>
#include <OneWire.h>
#include <DallasTemperature.h>
#include <ThingSpeak.h>

OneWire wire(D2);
DallasTemperature sensor(&wire);
WiFiClient client;
unsigned long channel = 123456;

void setup() {
  WiFi.begin("WIFI_NAME", "PASSWORD");
  ThingSpeak.begin(client);
  sensor.begin();
}

void loop() {
  sensor.requestTemperatures();
  float t = sensor.getTempCByIndex(0);
  if (t > -100 && t < 80 && WiFi.status() == WL_CONNECTED)
    ThingSpeak.writeField(channel, 1, t, "WRITE_KEY");
  delay(300000);
}
```

የመጨረሻው ቁጥር 300,000 ሚሊ ሰከንድ ማለትም 5 ደቂቃ ነው። በዚህ መሠረት በቀን 288 ልኬቶች ይላካሉ። ማቀዝቀዣ በደቂቃ ውስጥ ስለማይለወጥ ከዚህ በላይ ማፍጠን አያስፈልግም። ቦርዱ ሲበራ ዋይፋዩን እስኪያገኝ ጥቂት ሰከንዶች ስለሚወስድ የመጀመሪያው ልኬት ሳይላክ ይቀራል፤ ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ቁጥር ለማየት 5 ደቂቃ መታገስ ይገባል። ESP8266 የሚያውቀው 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሆነውን ዋይፋይ ብቻ ነው። ጨርሶ የማይገናኝ ከሆነ አንዱ ምክንያት የጽህፈት ቤቱ ዋይፋይ በ5 ጊጋ ኸርዝ ብቻ እንዲሠራ መደረጉ ሊሆን ይችላል።

በትዕዛዙ መሐል ያለው ከዜሮ በታች 100 እና ከዜሮ በላይ 80 የሚለው ገደብ ያለ ምክንያት አልገባም። ሴንሰሩ ሲነቀል ወይም ሽቦው ሲበጠስ ፕሮግራሙ ከዜሮ በታች 127 የሚል ቁጥር ይሰጣል። ሴንሰሩ ኃይል አግኝቶ ገና መለካት ሳይጨርስ ከተጠየቀ ደግሞ 85 ይላል። ሁለቱም ሙቀት ሳይሆኑ የብልሽት ምልክቶች ናቸው። ወደ ሰሌዳው ከገቡ የመስመር ሥዕሉን ያበላሹታል፤ ያየውንም ሰው በከንቱ ያስደነግጣሉ።

በበረዶ መፈተሽ

ከDS18B20 ሴንሰሮች መካከል ተመሳስለው የተሠሩ ብዙ አሉ፤ አንዳንዶቹም ከተባለው በላይ ይሳሳታሉ። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ሴንሰር መፈተሽ አለበት። ኩባያ በተፈጨ በረዶ ይሞላና ክፍተቱን የሚሞላ ቀዝቃዛ ንጹህ ውኃ ይጨመርበታል፤ ሴንሰሩ መሐሉ ላይ ገብቶ እያማሰሉ 10 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ፣ ቢበዛ በግማሽ ዲግሪ ልዩነት፣ መቆም አለበት። ሁልጊዜ 1.2 የሚያሳይ ሴንሰር ከሆነ ያንን መጠን በትዕዛዙ ውስጥ መቀነስ ወይም ሌላ መግዛት ይሻላል።

አንዳንዶች በፈላ ውኃ፣ በ100 ዲግሪ፣ ለመፈተሽ ይሞክራሉ። ጭሮ ላይ ይህ ያሳስታል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ደህናው ሴንሰር የተበላሸ ይመስላል። በረዶ የሚቀልጥበት ሙቀት ግን ጭሮም ሆነ አዋሽ ያው ዜሮ ነው።

መብራት ሲጠፋ መሣሪያው አብሮ እንዳይጠፋ

ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ቦርዱ ማቀዝቀዣው በተሰካበት ሶኬት ላይ ብቻ ከተሰካ መብራት ሲጠፋ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። መሣሪያው የሚፈለግበት ሰዓት ደግሞ ያው ነው። ቦርዱ ኃይል ማግኘት ያለበት በፓወር ባንክ በኩል ነው። ዋይፋዩ ሲሠራ ከ70 እስከ 80 ሚሊ አምፔር ያህል ስለሚወስድ 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈበት ደህና ፓወር ባንክ ከ2 ቀን በላይ ያቆየዋል።

ፓወር ባንክ ሲመረጥ ሁለት ነገር መሞከር አለበት። አንዳንዱ የሚወሰድበት ኃይል ትንሽ ሲሆን ስልኩ የሞላ መስሎት ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ራሱን ያጠፋል። አንዳንዱ ደግሞ እየሞላ ሳለ ኃይል አይሰጥም። ለማወቅ ቦርዱን ሰክቶ ለአንድ ሰዓት መተው፣ ከዚያም ቻርጀሩን ከግድግዳው መንቀልና መልሶ መሰካት ነው። በዚህ ሁሉ መሐል የቦርዱ መብራት ካልጠፋ ይሠራል።

ዋይፋይ የሚሰጠው ራውተርም በባትሪ መደገፍ አለበት። ይህ ካልተቻለ ሲም ካርድ የገባበትና የራሱ ባትሪ ያለው ትንሽ የኪስ ዋይፋይ ይበቃል፤ የሚላከው መረጃ ጥቂት በመሆኑ ፓኬጁ አይከብድም። ኔትወርኩ ራሱ ሲቋረጥ ግን ከላይ ያለው ትዕዛዝ ልኬቶቹን አያጠራቅምም፤ በዚያ ጊዜ የነበረው ሙቀት ሳይመዘገብ ይቀራል። ስለዚህ ከፍተኛና ዝቅተኛውን ሙቀት የሚይዝ ተራ ቴርሞሜትር ከክትባቱ ጎን መቅረት የለበትም።

ሰሌዳውን ማንበብ

ደህና ማቀዝቀዣ ሰሌዳው ላይ ቀጥ ያለ መስመር አያሳይም። ሞተሩ ሲነሳና ሲቆም መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ለብዙ ሰዓት ፍጹም ቀጥ ያለ መስመር ከታየ መጠርጠር ይገባል። ሰሌዳው በሁለት ልኬቶች መካከል ያለውን ክፍተት በቀጥታ መስመር ያገናኘዋል። ማታ 5 ዲግሪ ልኮ የተቋረጠ መሣሪያ ጠዋት 6 ዲግሪ ብሎ ቢመለስ ሥዕሉ ሌሊቱን በሙሉ ሰላም የነበረ ያስመስለዋል። እውነቱን ለማወቅ በመስመሩ ላይ ያሉትን ነጥቦች ማየት ነው፤ በየ5 ደቂቃው ነጥብ ከሌለ የዚያ ሌሊት ሁኔታ አይታወቅም። መሣሪያው ዝም ማለቱ በራሱ እንደ ማስጠንቀቂያ መወሰድ አለበት።

ሰዓቱም ያደናግራል። የሰሌዳው መለያ የሰዓት ቀጠና ካልተስተካከለ የሚያሳየው የግሪንዊች ሰዓት ነው። ቀጠናው 3 ሰዓት ተደምሮ ለኢትዮጵያ ከተስተካከለ በኋላም ቁጥሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ይወጣል። `20:10` የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2:10 ነው። ወደ ጽህፈት ቤቱ መዝገብ ሲገለበጥ ቀኑንም ሰዓቱንም ወደ ኢትዮጵያ መቀየር አለበት።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ የምሳሌ ሌሊት እንውሰድ። ማቀዝቀዣው ከ3.5 እስከ 5.5 ዲግሪ እየተመላለሰ ከምሽቱ 2:10 ላይ መብራት ጠፋ እንበል። መስመሩ ጥርሱን ትቶ በዝግታ ወደ ላይ ይሄዳል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ 6.2፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ 7.6፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ግድም 8 ይደርሳል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት መብራት ሲመጣ 10.5 ነበር። ጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ 5 ሆኖ ይገኛል። የወረቀቱ መዝገብ "5" ብቻ ይላል። ሰሌዳው ግን ክትባቱ ከ8 ዲግሪ በላይ ከ3 ሰዓት ያላነሰ ማሳለፉን ይናገራል።

በዚህ ምሳሌ ዋናው ቁጥር ከመብራት መጥፋት እስከ 8 ዲግሪ ያለው 5 ሰዓት ገደማ ነው። እያንዳንዱ ማቀዝቀዣ የራሱ የመቆያ ጊዜ አለው፤ የበሩ ጎማ፣ የክፍሉ ሙቀትና ውስጡ ያለው ዕቃ ብዛት ይወስኑታል። ሚኤሶ ቆላ ላይ ያለው ጭሮ ላይ ካለው ቀድሞ ሊሞቅ ይችላል። ጽህፈት ቤቱ ክትባቱን በጊዜያዊነት ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮ፣ ማቀዝቀዣውን ሆን ብሎ ነቅሎ፣ በሩን ሳይከፍት መስመሩን ቢከታተል የራሱን ሰዓት ያገኛል። ከዚያ በኋላ ማታ መብራት ሲጠፋ ተረኛው ባለሙያ "ምን ያህል ጊዜ አለኝ?" ለሚለው ጥያቄ መልሱ እጁ ላይ ነው።

የተገኘው ሰዓት ግማሽ ሲያልፍ መብራቱ ካልተመለሰ ክትባቱ በረዶ ወደተያዘበት የቅዝቃዜ ሳጥን መዛወር አለበት። የአፍተግር ዓይነት በረዶ የማይወድ ክትባት ካለ ከበረዶ ቤት የወጡት ጥቅሎች ወዲያው ከጠርሙሱ ጋር መነካካት የለባቸውም፤ ጥቅሉ ሲነቀነቅ ውስጡ የውኃ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ውጭ መቆየት ይገባዋል። እስከዚያ ድረስ የማቀዝቀዣውን በር "ለማየት ያህል" እንኳ አለመክፈት ነው፤ ማየት የሚቻለው ከስልኩ ነውና።

ሴንሰሩ የማይመልሳቸው ጥያቄዎች

ሰሌዳው ክትባቱ ምን ያህል ጊዜ ስንት ዲግሪ ላይ እንደቆየ ይናገራል እንጂ ክትባቱ አሁንም ይሠራል ወይስ አይሠራም አይልም። ይህን የሚወስነው የአምራቹን መመሪያ ይዞ የእንስሳት ሐኪሙ ነው፤ ሂርና ላይ ያለው የእንስሳት ጤና ላብራቶሪም የሚጠየቅበት ቅርብ ተቋም ነው። እስኪወሰን ድረስ የተጠረጠረው ጠርሙስ ከሌላው ተለይቶ፣ ቀንና ሰዓት ተጽፎበት፣ በቅዝቃዜ ውስጥ ይቀመጣል። ለመስክም አይወጣም።

ክትባቱ ከማቀዝቀዣው ከወጣ በኋላ ያለውን መንገድም መሣሪያው አያይም። የደረቀው ክትባት ከተበጠበጠ በኋላ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ብቻ በመሆኑ በሜዳ ላይ ከጥላ ሥርና ከበረዶ ሳጥን የወጣ ጠርሙስ ማቀዝቀዣው ደህና ቢያድርም ይበላሻል። አርሶ አደሩም በዘመቻ ቀን ይህን ማየት ይችላል፤ ጠርሙሱ ከበረዶ ሳጥን ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ከሆነ መጠየቅ መብቱ ነው።

በኃላፊዎች በኩል የሚጠበቀው ሥራ ጥቂት ነው። ሰሌዳውን ጠዋትና ማታ የሚያይ አንድ ሰውና ተተኪው በስም ይመደባሉ። በበዓልና በእሁድ መብራት ሲጠፋ ቁልፍ የያዘው ማን እንደሆነ፣ በረዶው የት እንዳለ በማቀዝቀዣው በር ላይ ተጽፎ ይለጠፋል። ሴንሰሩ በየሦስት ወሩ በረዶ ውኃ ውስጥ ይፈተሻል፤ የተገኘው ቁጥርም ከሙቀት መዝገቡ ጋር ይያያዛል። ክትባት ከዞን የሚረከብ ባለሙያ ያለፈውን ወር የሰሌዳ መስመር አብሮ ቢያቀርብ አዲሱ ክትባት ወደ ምን ዓይነት ማቀዝቀዣ እንደሚገባ ከወዲሁ ይታወቃል።